ቮይስ ላይ ሰላምታ፦ ምን ይቅደም፣ ስንት ሰከንድ ይብቃ?

ስልክ ደውላችሁ ስታወሩ ሰላምታ የሁለት ሰው ሥራ ነው። እናንተ «እንዴት ነህ?» ትላላችሁ፣ እሱ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ?» ይላል፣ ሁለታችሁም ትንሽ ትስቃላችሁ፣ ከዚያ ወሬው በራሱ መንገድ ይገባል። ቮይስ ላይ ያ ሌላኛው ሰው የለም። ልማዱ ግን አፋችን ላይ አለ። ስለዚህ ማይኩን ተጭነን «እንዴት ነህ? ደህና ነህ? ሰላም ነው? ቤተሰብ ደህና? ልጆች ደህና? ሥራስ?» እያልን፣ መልስ የሚመጣ ይመስል በየመሀሉ ትንሽ እያቆምን እንጠይቃለን። ሰሚው አንዱንም መመለስ አይችልም። ዝም ብሎ ጉዳዩ እስኪመጣ ይጠብቃል።

መፍትሔው ግን ሰላምታውን መቁረጥ ብቻ አይደለም። «ሰላም፣ ያቺን ፋይል ላክልኝ» ብሎ መጀመር ለቅርብ ጓደኛ ያስኬዳል። ለታላቅ ሰው ግን ነውር ነው። የሚያስፈልገው ብቻውን መቆም የሚችል ሰላምታ ነው፤ መልስ ሳይጠብቅ የሚያልቅ፣ ግን የጎደለ የማይመስል።

እዚህ ላይ በብዛት የማወራው ስለ ከባዱ ዓይነት ነው፦ በዕድሜ ወይም በሥራ ለሚበልጣችሁ፣ ቆየት ብላችሁ ላልተገናኛችሁት ሰው፣ ያውም የምትለምኑት ነገር ኖሮ ስትልኩ። ይሄ ከተቻለ ሌላው ቀላል ነው። ሌሎቹን መጨረሻ ላይ በአጭሩ እነካቸዋለሁ።

1. ከመጫናችሁ በፊት ሦስት ነገር ወስኑ

አንደኛ፣ «አንተ» ነው፣ «አንቺ» ነው ወይስ «እርስዎ»? ቀላል ይመስላል። ግን ቮይስ ላይ በጣም የሚሰማው ስህተት ይሄ ነው። በጽሑፍ ቢሆን ትመለሱና ታስተካክላላችሁ። በድምፅ ግን «እንዴት ነዎት ጋሼ» ብላችሁ ጀምራችሁ፣ ወሬው ሲሞቅ «ያው ታውቃለህ» ብላችሁ ታመልጣላችሁ፣ ደንግጣችሁ «ማለቴ ያውቃሉ» ትላላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ እየተንቀጠቀጠ ይሄዳል። ብዙውን ጊዜ የሚያመልጠው ግሱ ላይ ነው፤ «ታውቃለህ»፣ «ስማ»፣ «አየህ» የሚሉት የአፍ ልማዶች ናቸው። ለአንቱታ ሰው ስትልኩ እነዚህን መሸጋገሪያዎች ከነጭራሹ ተዉአቸው።

ሁለተኛ፣ ጉዳዩን በአንድ ዓረፍተ ነገር በልባችሁ ተናገሩት። «ስልክ ቁጥራቸውን ለቀጣሪ ልስጥ ወይ ብዬ ልጠይቅ ነው።» በቃ። ይቺን ዓረፍተ ነገር ሳታገኙ ከተጫናችሁ፣ ሰላምታው የሚረዝመው ስለ አክብሮት አይደለም፤ ጉዳዩን እየፈለጋችሁ ጊዜ እየገዛችሁ ስለሆነ ነው። ሰሚውም ይሄ ይገባዋል።

ሦስተኛ፣ ሰውየው የት ሆኖ ሊሰማው እንደሚችል አስቡ። ብዙ ሰው ቮይስ የሚከፍተው በስፒከር ነው፣ ሰው መሀል ሆኖ። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ላይ የምትሉት ነገር ጎረቤቱም የሚሰማው ነገር ነው። «ያ ሕመምዎ እንዴት ሆነ?»፣ «ያ የገንዘብ ነገር አለቀ ወይ?» የመሳሰለው ለስልክ ወሬ ይቆይ።

2. መጀመሪያ አንድ መስመር ጻፉ

ቮይስ ሲደርስ ሰውየው ማሳወቂያው ላይ የሚያየው ስማችሁን ወይም ቁጥራችሁን፣ የማይክ ምልክትና ርዝመቱን ነው። ስለ ምን እንደሆነ ሳይከፍት አያውቅም። ቁጥራችሁን ካልመዘገበው ደግሞ ማን እንደሆናችሁም አያውቅም። የማይታወቅ ቁጥር የላከውን የሁለት ደቂቃ ድምፅ ማንም ቸኩሎ አይከፍትም።

ስለዚህ ለታላቅ ሰው ወይም ከቆየ በኋላ ስትልኩ፣ ከድምፁ በፊት እንዲህ ያለ መስመር ይቅደም፦

«ጋሼ ጤና ይስጥልኝ፣ እከሊት ነኝ። ስለ አንድ ጉዳይ ከአንድ ደቂቃ ያነሰች ድምፅ ልልክልዎ ነው፤ ሲመችዎ ይስሙት።»

እከሊት የምለው ቦታ ላይ የራሳችሁን ስም ታስገባላችሁ። ይቺ መስመር ማን እንደሆናችሁ፣ ምን ያህል እንደሚረዝምና ጊዜው በእሳቸው ፈቃድ እንደሆነ ትናገራለች። «ልደውልልዎ?» ብሎ ከማስጨነቅ ይሻላል፣ ምክንያቱም ያኛው ወዲያው መልስ ይፈልጋል።

በተቃራኒው የማይደረግ ነገር አለ። ሦስት ሰከንድ «ሰላም፣ እንዴት ነዎት?» ብቻ ልኮ ዝም ማለት። ጽሑፍ ቢሆን ማሳወቂያው ላይ በዓይን ይታያል፣ ያልፋል። ድምፅ ሲሆን ግን ሰውየው ፀጥ ያለ ቦታ ፈልጎ ወይም ጆሮው ላይ አድርጎ ይከፍተዋል፣ ከዚያ ምንም የለም። እንደገና መልሶ ሊልክ፣ እናንተ ደግሞ እንደገና ልትልኩ። ሰላምታና ጉዳይ በአንድ ድምፅ ይሂዱ።

3. ተጫኑ፣ አንድ ትንፋሽ ቆዩ፣ ከዚያ ተናገሩ

ይሄ የቴክኒክ ነገር ነው ግን ሰላምታን የሚያበላሽ ስለሆነ እዚህ ገባ። ቁልፉን በተጫናችሁበት ቅጽበት መናገር ከጀመራችሁ የመጀመሪያው ክፍል ይቆረጣል። «ጤና ይስጥልኝ» ያላችሁት «...ይስጥልኝ» ሆኖ ይደርሳል። «ጋሼ» ያላችሁት «...ሼ» ይሆናል። የተቆረጠው ደግሞ የሰውየው መጠሪያ ነው፣ ዋናው የአክብሮት ቃል። ሰከንድ የሚቆጥረው ቁጥር መንቀሳቀስ ሲጀምር እዩ፣ ከዚያ ጀምሩ። መጨረሻ ላይም እንዲሁ፤ ቃሉ ሳያልቅ ጣት ከተነሳ «አመሰግና...» ላይ ይቀራል።

ጣታችሁን ይዛችሁ አትቆዩ። ዋትሳፕም ቴሌግራምም ላይ ማይኩን ተጭናችሁ ወደ ላይ ስትስቡት ይቆለፋል፣ እጃችሁ ነፃ ይሆናል። ወደ ግራ ከሳባችሁ ይሰረዛል። ከተቆለፈ በኋላ አቁማችሁ ሳትልኩት በፊት መስማትም ይቻላል። ለታላቅ ሰው ስትልኩ የመጀመሪያዎቹን አምስት ሰከንዶች ብቻ ሰምታችሁ ላኩ። ስሙ ካልተቆረጠና ድምፁ ካልጮኸ በቂ ነው። ሙሉውን ደጋግሞ መስማት ግን ሌላ ጣጣ አለው፤ የራሳችሁን ድምፅ ትጠሉትና እንደገና እንደገና ትቀዳላችሁ፣ በመጨረሻ የሚሄደው የተነበበ የሚመስል ደረቅ ነገር ነው።

የስልኩ ማይክ ያለው ታች በኩል ነው። ስክሪኑን ሳይሆን ታችኛውን ጫፍ ወደ አፋችሁ አድርጉ፣ ግማሽ ስንዝር ያህል አርቃችሁ። በጣም ከቀረበ «ጰ»ና «ፐ» እንደ ነፋስ ይፈነዳሉ።

4. የመጀመሪያዎቹ ቃላት ቅደም ተከተል

መጠሪያው፣ ሰላምታው፣ የእናንተ ስም፣ ከየት እንደምትተዋወቁ። በዚህ ተራ።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ፣ እከሊት ነኝ፣ ሒሳብ ክፍል ከእርስዎ ጋር እሠራ የነበርኩት።»

መጠሪያው ለምን ይቀድማል? መልእክቱ ለእሳቸው እንደተላከ የሚያሳየው እሱ ስለሆነ ነው። በግሩፕ የተበተነ ወይም ፎርዋርድ የተደረገ ድምፅ በዝቷል፤ ስሙን ወይም መጠሪያውን የሰማ ሰው ግን ጆሮውን ይሰጣል። «ሄሎ... ሄሎ...» ብሎ መጀመር ደግሞ ከስልክ ጥሪ የመጣ ልማድ ነው። ጥሪ ላይ መስመሩ መሥራቱን ታጣሩበታላችሁ። ቮይስ ላይ የሚጣራ መስመር የለም።

ስማችሁን መናገር «ያውቁኛል፣ ቁጥሬ አላቸው» በሚል አይዘለል። ሰዎች ስልክ ይቀይራሉ፣ የመዘገቡት ስም ይጠፋል፣ ወይም የእናንተ ስም ያለው ሌላ አራት ሰው አላቸው። ድምፅ ብቻውን ደግሞ ማንነትን ሁልጊዜ አይናገርም። «ድምፄን አወቁት?» ብሎ መጫወትም በጥሪ ላይ ብቻ ያምራል።

ከየት እንደምትተዋወቁ አንድ ሐረግ ይበቃል። የሁለታችሁን ታሪክ አትተርኩ። ይሄ የሚያስፈልገው ከቆየ በኋላ ሲሆን ነው፤ ባለፈው ሳምንት ላገኛችኋቸው ሰው አያስፈልግም፣ እንዲያውም ያራርቃል።

5. የትኛው ሰላምታ? የሰዓቱን ተዉት

«እንደምን አደሩ» ብላችሁ ጠዋት ልካችሁ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሊከፈት ይችላል። ሌላ አገር ላለ ሰው ደግሞ እናንተ ጋ ሲነጋ እሱ ጋ ይመሻል። ትልቅ ጥፋት አይደለም፣ ግን ሰሚው መልእክቱ ከተላከ ስንት ሰዓት እንዳለፈ ይቆጥራል፣ ዘግይቼ ሰማሁት ብሎ ይሳቀቃል። እኛ ደግሞ ከሰዓት ነፃ የሆኑ፣ ይልቁንም የተለያያችሁበትን ጊዜ የሚለኩ ሰላምታዎች አሉን። ለቮይስ የተፈጠሩ ነው የሚመስሉት።

ከጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት በኋላ ከሆነ «እንዴት ሰነበቱ?»። ወራት ካለፉ «እንዴት ከረሙ?»። ይቺ አንዲት ቃል «ከተገናኘን ቆይተናል፣ አውቃለሁ» ብላ ትናገርላችኋለች፤ ስለ መጥፋታችሁ የምታወሩት ግማሽ ደቂቃ አብሯት ይቀንሳል። ለማታውቁት ሰው ወይም ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ «ጤና ይስጥልኝ» በቂ ነው። «ሰላም» ለእኩያ ነው።

6. አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ ለራሳችሁ

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ነው። ድሮ ደብዳቤ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ችግር ፈተውት ነበር። «ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።» ልብ በሉ፦ ይጠይቃል፣ «አንተስ?» እስኪባል ሳይጠብቅ የራሱን ይመልሳል፣ ይሄዳል። አንባቢው አጠገቡ ስላልነበረ ሁለቱንም ድርሻ ራሱ ጻፈው። ቮይስም እንደዚያ ነው። የሌለውን ሰው ተራ እናንተ ትወስዳላችሁ።

ስለዚህ፦ «እንዴት ከረሙ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።» አልሐምዱሊላህ የምትሉ አልሐምዱሊላህ በሉ። «ደህና ነኝ» የሚለው ትንሽ ይመስላል፣ ግን ሰሚው ሊጠይቅ ያሰበውን ስለሚመልስለት አእምሮው ነፃ ይሆናል። ቆይታችሁ የላካችሁ ከሆነ ደግሞ «ምን ሆና ይሆን?» የሚለውን ሥጋት ያነሳል፤ ትልልቅ ሰዎች ድንገተኛ ድምፅ ሲደርሳቸው መጀመሪያ የሚያስቡት መርዶ ነው።

ከዚያ አንድ እውነተኛ ጥያቄ። «ቤተሰብ ደህና? ልጆች ደህና? ሥራ ደህና?» የሚለውን ሰልፍ በአንድ የእሳቸው ብቻ በሆነ ነገር ተኩት። «ልጅዎ ተመረቀ ወይ?» «ያ የጀመሩት ቤት አለቀ?» አንዲት እንዲህ ያለች ጥያቄ ከስድስት «ደህና?» በላይ ታስባላችሁ እንደነበር ታሳያለች፣ ጊዜ የምትወስደው ደግሞ ሁለት ሰከንድ ነው። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ግን አትገምቱ። ስለማይታወቅ ነገር «ባለቤትዎ እንዴት ናቸው?» ማለት ቆይታችሁ ለተለያያችሁት ሰው አደገኛ ነው። ተለያይተው ሊሆን ይችላል። አርፈው ሊሆን ይችላል። ጥሪ ላይ ቢሆን ወዲያው ትሰማላችሁ፣ ይቅርታ ትጠይቃላችሁ። ቮይስ ላይ ግን እናንተ በደስታ ድምፅ ወደ ጉዳያችሁ ታልፋላችሁ፣ እሳቸው ያቺ ጥያቄ ላይ ይቀራሉ። ሲያጠራጥር «ቤተሰብ ሁሉ ሰላም እንዲሆን እመኛለሁ» ብላችሁ ምኞት አድርጉት፤ ምኞት መልስ አይጠይቅም።

ስለ መጥፋታችሁም አንድ ዓረፍተ ነገር። «ብዙ ጊዜ ሳልደውል ቆየሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።» ምክንያት አትደርድሩ። ሥራ ምናምን፣ ኑሮ፣ ስልኬ ተበላሽቶ... ሰሚው አልከሰሳችሁም።

7. ስንት ሰከንድ?

ሕግ የለውም፣ ግን እኔ የምጠቀምበት ሚዛን ይሄ ነው። ለታላቅ ሰው፣ ከቆየ በኋላ፣ ጉዳይ ካለ፦ ሰላምታው ከ15 እስከ 20 ሰከንድ፣ ሙሉው ከአንድ ደቂቃ አይለፍ። በየቀኑ ለምታወሩት ጓደኛ ሰላምታው ሁለት ሦስት ሰከንድ፣ ሙሉው ግማሽ ደቂቃ። ለማታውቁት ሰው ወይም ለሥራ ጉዳይ ሰላምታው ከነስማችሁ ሰባት ስምንት ሰከንድ።

ለምን ይህን ያህል? ሰሚው ከመክፈቱ በፊት ርዝመቱን ያያል። 0:50 ያየ ሰው ቆሞ ይሰማዋል። 3:40 ያየ ሰው «ማታ እሰማዋለሁ» ይላል፣ ማታው አይመጣም። ወይም በእጥፍ ፍጥነት ያጫውተዋል፤ ዋትሳፕም ቴሌግራምም ላይ ይህ ቁልፍ አለ። በእጥፍ ፍጥነት ደግሞ መጀመሪያ የሚበላሸው ሰላምታ ነው። ጉዳይ ሲፈጥን ይገባል። «እንዴት ከረሙ» ሲፈጥን ቀልድ ይሆናል። ርዝመቱን የምትቆጥቡት ሰላምታችሁ በራሳችሁ ፍጥነት እንዲሰማ ነው ማለት ይቻላል።

ከ15 ሰከንድ በታች ማሳጠርም ለታላቅ ሰው አይመከርም። አምስት ሰከንድ ሰላምታ ከዚያ 40 ሰከንድ ልመና ሲሆን «ሲፈልገኝ ብቻ» የሚለው ወሬ ይመጣል። ችኮላውም በድምፅ ይታወቃል። ቃላቱን ቀንሱ፣ ፍጥነቱን ግን አትጨምሩ።

8. አንዱን ከነዝርዝሩ እንየው

አንዲት ወጣት አዲስ ሥራ ታመለክታለች፤ ቀጣሪዎቹ የቀድሞ አለቃዋን ስምና ስልክ ጠይቀዋታል። ከአለቃዋ ጋር ካወሩ ዓመት አልፏል። «ጋሼ» ነው የምትላቸው። ያለ ዝግጅት ብትቀዳ እንዲህ ይወጣል፦

«ሄሎ... ሄሎ ጋሼ... እንዴት ነዎት? ደህና ነዎት? ሰላም ነው? ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብስ ሰላም ነው? ልጆቹ ደህና ናቸው? እ... ጠፋሁ አይደል? ይቅርታ፣ በቃ ሥራ ምናምን፣ ሁሌ ልደውል ልደውል እላለሁ፣ ግን ያው ታውቃለህ... ማለቴ ያውቃሉ፣ ኑሮው... እና እርስዎስ ሥራ እንዴት ነው? አሁንም እዚያው ነዎት? እ... ጋሼ አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነበር...»

«ላስቸግርዎ» ላይ ስትደርስ ቆጣሪው ወደ 0:45 ይጠጋል። እስካሁን ማን እንደሆነች አልተናገረችም። ጥያቄዎቹን ቁጠሯቸው፣ ከስምንት በላይ ናቸው፣ አንዳቸውም እሳቸውን ብቻ አይመለከቱም። አንቱታው አንዴ ወድቋል። ስለ ራሷ ደህና መሆን አንድ ቃል የለም። «አሁንም እዚያው ነዎት?» የምትለዋ ደግሞ ሥራቸውን ለለቀቁ ወይም ለተባረሩ ሰው ታማለች። ከዚህ በኋላ ጉዳዩ አንድ ደቂቃ ይወስዳል፣ ምክንያቱም አሁን አፍራ ዙሪያ ጥምጥም ትሄዳለች።

አሁን ከላይ ባለው ተራ እናስተካክለው። መጀመሪያ ያቺን የጽሑፍ መስመር ትልካለች። ከዚያ ማይኩን ቆልፋ፣ ቁጥሩ ሲንቀሳቀስ አይታ፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ፣ እከሊት ነኝ፣ ሒሳብ ክፍል ከእርስዎ ጋር እሠራ የነበርኩት። እንዴት ከረሙ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ልጅዎ ተመረቀ ወይ? ብዙ ጊዜ ሳልደውል ቆየሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

እዚህ ድረስ በረጋ አነጋገር ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ነው። አንድ ትንፋሽ። ቀጥላ፦

«ዛሬ የላኩት አንድ ነገር ላስቸግርዎ ብዬ ነው። አዲስ ሥራ ላመለክት ነው፣ የቀድሞ አለቃሽን ስምና ስልክ ስጪን ብለውኛል። የእርስዎን ልስጥ ወይ? እስከ ዓርብ ቢያሳውቁኝ ይበቃል። ካልተመቸዎትም ግድ የለም፣ ሌላ ሰው እጠይቃለሁ። ለቤተሰብ ሰላም ይበሉልኝ። አመሰግናለሁ ጋሼ።»

ሁሉ ተደምሮ ከአንድ ደቂቃ በታች። «ዛሬ የላኩት» የምትለዋን ሐረግ እዩልኝ፤ ሰላምታው እንዳለቀና ጉዳይ እንደመጣ በግልጽ ትናገራለች፣ ያለ «እ...»። የልጁ ጥያቄ የገባችው ደግሞ ተማሪ እንደነበረ ስለምታውቅ ነው። ባታውቅ ኖሮ አይገባም ነበር።

9. ስንብቱን አንድ ጊዜ ብቻ

ብዙ ቮይስ የሚረዝመው መጨረሻ ላይ ነው። «በሉ እሺ... እሺ በቃ... ሰላም ይሁኑ... እና ደግሞ ቤተሰብን ሰላም ይበሉልኝ... እሺ... በሉ ቻው... እሺ ጋሼ።» ጥሪ ላይ እንዲህ የሚሆነው ማንም ቀድሞ መዝጋት ስለማይፈልግ ነው። እዚህ የሚዘጋው አንድ ሰው ነው። ለቤተሰብ ሰላምታ፣ ምስጋና፣ መጠሪያው፣ ላክ።

ጉዳዩን ከተናገራችሁ በኋላ የረሳችሁት ነገር ትዝ ቢላችሁ ሌላ ቮይስ አትላኩ። በጽሑፍ ጨምሩት። ሁለተኛ ድምፅ ስትልኩ ሳታስቡት «ጋሼ ይቅርታ፣ እንዴት ነዎት፣ እንደገና እኔ ነኝ» ብላችሁ ሰላምታውን ከዜሮ ትጀምሩታላችሁ።

ሌሎቹ ዓይነቶች ባጭሩ

ለሰላምታ ብቻ የሚላክ ቮይስ አለ፤ ጉዳይ የሌለው። ያምራል፣ ግን መጀመሪያውኑ ተናገሩት። «እትዬ፣ ምንም ጉዳይ የለኝም፣ ትዝ ብለውኝ ሰላም ልበል ብዬ ነው።» ይህን ካላላችሁ ሰሚዋ እስከ መጨረሻ «ምን ልትለኝ ነው?» እያለች ትጠብቃለች፣ አንዱንም ደስ ብሏት አትሰማም። ከተናገራችሁት በኋላ አንድ ደቂቃ ብታወሩ እንኳ አይረዝምም።

መልስ ስትልኩ ሰላምታ አትድገሙ። «እንዴት ነሽ?» ተብላችሁ ከሆነ እሷን መጀመሪያ መልሱ፣ ከዚያ ጉዳዩን። በአንድ ቀን ውስጥ አሥር ጊዜ የምትላላኩ ከሆነ ሰላምታ የመጀመሪያው ላይ ብቻ ነው።

ግሩፕ ላይ ሁሉንም በስም አትጥሩ። «ሰላም ለሁላችሁ፣ እከሌ ነኝ፣ ስለ ቅዳሜው ስብሰባ ነው» ይበቃል። ስንት ሰው ያንን እንደሚሰማ አስቡና ሰላምታውን በዚያ አባዙት፤ 20 ሰከንድ ለ30 ሰው አሥር ደቂቃ ነው።

ሐዘን ላይ ላለ ሰው «እንዴት ነሽ? ሰላም ነው?» በፍጹም አይጀመርም። ስማቸውን ጠርታችሁ፣ ማን እንደሆናችሁ ተናግራችሁ፣ ቀጥታ «እግዚአብሔር ያጽናሽ»። 15 ሰከንድ ይበቃል። «መልስ አትላኪልኝ፣ እኔ እደውላለሁ» ብትሉ ሸክም ታቀልላላችሁ። መደወል የምትችሉ ከሆነ ግን ደውሉ።

ተልኮ መልስ ካልመጣ

መጀመሪያ ተሰምቶ እንደሆነ እዩ። ዋትሳፕ ላይ ሰውየው ሲያጫውተው የማይኩ ምልክት ሰማያዊ ይሆናል። ቴሌግራም ላይ ከርዝመቱ አጠገብ ያለችው ነጥብ ትጠፋለች። ሳይሰማ ከቀረ ችግሩ የሰላምታው አይደለም፣ ጊዜ አላገኙም ማለት ነው፤ ከሁለት ቀን በኋላ ጉዳዩን በሁለት መስመር ጻፉላቸው፣ ድምፁን መክፈት እንዳያስፈልጋቸው።

ተሰምቶ ዝም ከተባለ ግን የራሳችሁን ቮይስ መልሳችሁ ስሙት። ጥያቄው ምን እንደነበር ከራሳችሁ ድምፅ መለየት ትችላላችሁ? ብዙ ጊዜ ሰሚው የሰማው ሰላምታ ነው፤ ለሰላምታው በልቡ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ መልሶ፣ የሚጠየቅ ነገር እንዳለ ሳያስተውል ዘግቶታል። እንደዚያ ከሆነ «ጋሼ፣ ባለፈው የላኩት ስልክዎን ለቀጣሪዎቹ ልስጥ ወይ ብዬ ነበር» ብላችሁ አንድ መስመር ጻፉ። ይቅርታም፣ አዲስ ሰላምታም፣ ሁለተኛ ቮይስም አያስፈልግም።